«የሥራ ልምድ፦ የለም»

በየዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ገብቶ «ሲቪ ሥሩልኝ» ያለ ተመራቂ የሚረከበው ወረቀት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ከላይ ስም፣ ጾታ፣ የትውልድ ቦታና የጋብቻ ሁኔታ። ቀጥሎ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የተማረባቸው ትምህርት ቤቶች። ከዚያ አማርኛና እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር «በጣም ጥሩ» የተሞላበት ሠንጠረዥ። ከግርጌው ደግሞ ታታሪ፣ ታማኝና በቡድን መሥራት የሚወድ መሆኑ። መሐል ላይ «የሥራ ልምድ» የሚል ርእስ ቆሞ ሥሩ «የለም» ይላል። (አንዳንዴም ከቀደመው ደንበኛ የተረፈ ዓረፍተ ነገር ሳይጠፋ ይቀርና ነርሷ በመንገድ ግንባታ ዘርፍ ለመሥራት እንደምትጓጓ ይነበባል።)

ማስታወቂያው «0 ዓመት» ብሎ ከወጣ ቀጣሪው ልምድ እንደሌለ አስቀድሞ ያውቃል። «የለም» ማለት ለእሱ ምንም አዲስ ነገር አይነግረውም። የሚፈልገው ይህ ልጅ ደመወዝ ባይከፈለውም በእጁ ምን ሠርቶ እንደሚያውቅ ማየት ነው። እርግጥ ሲቪ በሁሉም በር እኩል አይሠራም። ብዙ አመልካች በሚጎርፍባቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች የመጀመሪያው ወንፊት የትምህርት መስክ፣ የመመረቂያ ነጥብ፣ አንዳንዴም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የመውጫ ፈተና ውጤት ነው፤ ቀጥሎ የጽሑፍ ፈተና ይመጣል። በግል ኩባንያ፣ በኦዲት ድርጅት ወይም መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ግን ተመሳሳይ ነጥብ ካላቸው ሰዎች ማን ለቃለ መጠይቅ ይጠራ የሚለውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ያ ወረቀት ነው።

አንዲት የአካውንቲንግ ተመራቂ እናስብ። ያየችው ማስታወቂያ ለጀማሪ ኦዲተርነት ነው። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር የመመረቂያ ጽሑፍ ሠርታለች፤ በሲቪዋ ላይም ርእሱን ብቻ አስፍራዋለች፦ በአንድ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የጥሬ ገንዘብ የውስጥ ቁጥጥር ግምገማ። ችግሩ ከእሷ ጋር የተመረቁት ግማሾቹ ቦታውን ቀይረው ይህንኑ ርእስ ጽፈዋል። ርእሱ ሥራውን ሸፍኖታል። ሥራውን ለማውጣት ራሷን ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ እኔ በእጄ ምን ያዝሁ? ስንት ነበር? ምን ተገኘ? መልሱን ስትቆፍር የሚወጣው እንዲህ ያለ መስመር ነው፦

«ከሦስት ተማሪዎች ጋር በሠራሁት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሦስት ወር 210 የገቢ ደረሰኞችን ከባንክ ገቢ ማድረጊያ ወረቀቶች ጋር በኤክሴል አመሳከርሁ። 17ቱ ደረሰኞች ገንዘቡ ከተሰበሰበ ከአንድ ቀን በላይ ዘግይተው ባንክ መግባታቸውን፣ ገንዘብ ተቀባዩ መዝገቡንም እንደሚይዝ ለይተን አቀረብን።»

እዚህ ውስጥ «ኦዲት» የሚል ቃል የለም፤ ኦዲተር የሆነ አንባቢ ግን ሁለቱንም ነገር ወዲያው ያያል። ደረሰኝን ከባንክ ማስረጃ ጋር ማመሳከር የሙያው ዕለታዊ ሥራ ነው፤ ገንዘብ የሚቀበለውና መዝገብ የሚይዘው አንድ ሰው መሆኑም ሥልጠና ላይ መጀመሪያ ከሚነገሩት አደጋዎች አንዱ ነው። «አመሳከርሁ» እና «አቀረብን» መለያየታቸውም በከንቱ አይደለም። የቡድን ሥራ ላይ ጠያቂው የሚወደው ጥያቄ «ከአራታችሁ አንቺ የትኛውን ሠራሽ?» የሚል ነው፤ መጠይቁን የበተነው ሌላ ልጅ ከሆነ መጠይቁ በእሷ መስመር ውስጥ አይገባም። የወረዳውን ስም መተውም ያስከብራታል፤ ሰነዱ የተሰጣት ለጥናት እንጂ ለሥራ ማመልከቻ አልነበረም።

ኮርሶች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ይበዛል፤ አርባውም ይዘረዘራሉ። እነሱ ትራንስክሪፕቱ ላይ አሉ። ከማስታወቂያው ጋር የሚገናኙት ሦስት ወይም አራቱ ብቻ ተመርጠው፣ ከእያንዳንዳቸው ጎን የተሠራው ነገር ይጻፍ። ለምሳሌ «በኮምፒውተር አካውንቲንግ ኮርስ ለአንድ ናሙና ድርጅት በፒችትሪ የሒሳብ መደቦችን ከፈትሁ፣ የአንድ ወር እንቅስቃሴ መዘገብሁ፣ ከባንክ መግለጫ ጋር አስታርቄ ትሪያል ባላንስ አወጣሁ።» «ኤክሴል፦ በጣም ጥሩ» ከሚለው ይልቅም የምትችለውን መጥቀስ ይበልጣል፤ `VLOOKUP` እና ፒቮት ቴብል ብላ ከጻፈች ግን ጠያቂው ላፕቶፕ ከፍቶ «እስቲ አሳዪን» ሊላት እንደሚችል ትወቀው። አንድ ሴሚስተር ያልነካችው ከሆነ ማመልከቻውን ከማስገባቷ በፊት ትከልሰው።

ክበቦችን በተመለከተ ብዙ ሰው አባልነቱን ይጽፋል። አባልነት መታወቂያ ካርድ መያዝ ነው፤ ቀጣሪውን የሚስበው የተሰጠ ኀላፊነት ነው። ይህች ልጅ የበጎ አድራጎት ክበቡ ገንዘብ ያዥ ነበረች እንበል። በወር 10 ብር የሚያዋጡ 140 አባላት ካሏት፣ ደረሰኝ ከቆረጠች፣ መዝገብ ከያዘችና በየሴሚስተሩ ለጠቅላላ ጉባኤው ሒሳብ ካቀረበች፣ ለዚህ ማስታወቂያ ይህ ከመመረቂያ ጽሑፏ የማይተናነስ ነገር ነው። እንዲያውም እኔ ብሆን ከኮርሶቹ በላይ አስቀምጠው ነበር፤ የሌላ ሰው ገንዘብ አደራ መያዝ ውጤት ከሚያሰጥ የቤት ሥራ ይለያል። የክፍል ተወካይ የነበረ፣ የክረምት በጎ ፈቃድ ላይ ልጆች ያስጠና፣ በግቢ ጉባኤ ወይም በተማሪዎች መጅሊስ መርሐ ግብር ያስተባበረም እንዲሁ፤ ምን አደራጀ፣ ለስንት ሰው፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ነው ሚዛን የሚደፋው።

እዚህ ላይ ግን ድንበር አለ። ለአፓረንትሺፕ ለሁለት ወር የወጣችበትን ድርጅት «የሥራ ልምድ» ሥር አስገብታ «አካውንታንት» ብላ መጻፍ ያጓጓል። አገራችን ውስጥ ግን ልምድ ሲባል የሚጠየቀው ደብዳቤ ነው፤ ብዙ ቀጣሪዎች፣ በተለይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ደመወዝና የሥራ ግብር መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ልምምድ ያንን አያሟላም። ማስረጃ ሲጠየቅ አንዱ መስመር ከወደቀ ሌሎቹም እውነተኛ መስመሮች ይጠረጠራሉ። ስለዚህ ርእሱ «ተግባራዊ ልምምድ» ይባል፤ የሠራችበት ክፍልና የነካችው ሰነድ ይጠቀስ። ሁለት ዓመት የሚጠይቅ ማስታወቂያን ደግሞ የትኛውም ፕሮጀክት አይሞላውም፤ እዚያ ላይ ወረቀት ከማባከን ዜሮ ዓመት ያሉትን መፈለግ ይሻላል።

አሁን ገጹ ይስተካከል። ስም፣ ስልክና ኢሜይል ከላይ። የትውልድ ቦታ፣ የጋብቻ ሁኔታና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ማስታወቂያው ካልጠየቀ፣ ይወጣሉ። ትምህርት ከነመመረቂያ ነጥቡ ይቀድማል፤ ነጥቡ ዝቅ ያለና ያልተጠየቀ ከሆነ መተው ነውር የለውም። ከዚያ ፕሮጀክት፣ ኀላፊነት፣ ልምምድ፣ የተመረጡ ኮርሶች፣ ኮምፒውተርና ቋንቋ። አንድ ገጽ ይበቃል። ሲቪው በእንግሊዝኛ የሚገባ ቢሆንም መጀመሪያ በአማርኛ ቢረቀቅ ጥሩ ነው፤ የምታውቀውን በምታስብበት ቋንቋ ስትጽፈው ያልሠራችው ነገር ቶሎ ይታያታል።

የቀረው ምስክሮቿ ናቸው። አማካሪዋን ስታስቀምጥ አስቀድማ ትጠይቀው፤ በዓመት ብዙ ተማሪ ያማከረ መምህር በስልክ ድንገት ሲጠየቅ ስሟን ላያስታውሰው ይችላል። የጽሑፏን አጭር ማጠቃለያና ያን ስለ 210 ደረሰኞች የጻፈችውን መስመር በቴሌግራም ትላክለት፤ ቀጣሪው ሲደውልለት ስለ እሷ የሚለው ነገር ይኖረዋል።