ራውተሩ በእርግጥ አርጅቷል?

ኢንተርኔቱ ሲንቀረፈፍ በብዙ ቤት የመጀመሪያው ተከሳሽ ራውተሩ ነው። «አርጅቷል፣ ቀይሩት» ይባልና ገንዘብ ይወጣል። ፍርዱ ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ለፍጥነት ሲባል የሚቀየረው ራውተር ጤነኛ ሆኖ ይገኛል፤ «ገና ይሠራል» ተብሎ የሚቀመጠው ደግሞ ከዓመታት በፊት መወገድ የነበረበት ይሆናል።

ነገሩን በአንድ ዕቃ ላይ እንየው። ቲፒ-ሊንክ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው `TL-WR841N` ከ10 ዓመት በላይ በብዙ አገር የተሸጠ ርካሽ ራውተር ነው። ነጭ፣ ጠፍጣፋና ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት አንቴና ነው፤ ለአዲስ አበባ ቤቶችና ካፌዎችም እንግዳ አይደለም። የእናንተ ሌላ ዓይነት ቢሆንም የምርመራው መንገድ ያው ነው።

መጀመሪያ ፍጥነቱን እንመርምር። ቤቱ የሚከፍለው ለ10 ሜጋ ፓኬጅ ነው እንበል። በዚህ ራውተር ጀርባ ያሉት የኬብል ቀዳዳዎች እስከ 100 ሜጋ ያስተላልፋሉ፤ በተግባር 94 አካባቢ ይደርሳሉ። ካርቶኑ ላይ ለዋይፋይ 300 ተብሎ ቢጻፍም ጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ በሚጠቀምበት ሕንፃ ውስጥ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚገኘው፤ ቢሆንም አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ከ10 ሜጋ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ላፕቶፕ በኬብል አገናኙና ፍጥነቱን ለኩ። 10 ሜጋው ሙሉ በሙሉ ከመጣ መስመሩም ራውተሩም ደህና ናቸው። 3 ወይም 4 ሜጋ ብቻ ከመጣ ማንም ሰው ቤቱን ሳይጠቀም፣ በተለያየ ሰዓት ደግማችሁ ለኩ። አሁንም ካልተሻሻለ ጥፋቱ በአብዛኛው የመስመሩ ስለሆነ ለአገልግሎት ሰጪው መደወል ይሻላል። በኬብል ሙሉ ሆኖ መኝታ ቤት ሲደርስ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ግድግዳና ርቀት ነው። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ኋላ አውጥቶ ቤቱ መሃል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም።

ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ላለና ለ300 ሜጋ ለሚከፍል ሰው ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ይህ ራውተር ከ94 በላይ ማሳለፍ ስለማይችል የቀረው 200 ሜጋ በየወሩ ተከፍሎበት በሩ ላይ ይቀራል። እዚህ ላይ መቀየር ያለ ክርክር ያዋጣል።

ከዚያ የዕቃው አካል ራሱ ያረጃል። ራውተር ውስጥም ሆነ አዳፕተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያለሰልሱ፣ ትናንሽ ጣሳ የሚመስሉ ካፓሲተሮች አሉ። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ከዓመታት ሙቀት የተነሳ ይደርቃል፤ በመጋረጃ ተሸፍኖ ወይም ዲኮደር ላይ ተደርቦ የሚቀመጥ ራውተር ቀድሞ ይደክማል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅም ጉዳቱን ያብሰዋል። ምልክቱ ዝግታ ብቻ አይደለም። ራውተሩ ራሱን እያጠፋ ይነሳል፣ ሰው ሲበዛበት ይቆማል፣ ወይም ሲሞቅ ዋይፋዩ ይጠፋና ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይህ ሲሆን ቀድሞ መጠርጠር ያለበት አዳፕተሩ ነው። ራውተሩ ሥር ባለው ስቲከር ላይ የሚፈልገው ቮልትና አምፒር ተጽፏል። ቮልቱ ልክ ያው፣ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የጫፉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭም የማይገለበጥ ሌላ አዳፕተር ተውሳችሁ ለጥቂት ቀን ሞክሩ። መነሳትና መውደቁ ከቆመ የአዲስ ራውተር ገንዘብ ኪሳችሁ ውስጥ ቀረ።

እስካሁን ያለው ሁሉ የሚታይ ችግር ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው። ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ስለሆነ የሚያሠራው ፈርምዌር የሚባል ሶፍትዌር አለው። ሶፍትዌር ደግሞ በየጊዜው ቀዳዳ ይገኝበታል። አምራቹ ቀዳዳውን የሚደፍን አዲስ ፈርምዌር ያወጣል፤ ሞዴሉ ሲያረጅ ግን ማውጣቱን ያቆማል። አሮጌ ራውተሮች አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን አያድሱም፤ ባለቤታቸው ገብቶ ካላደሰ ከፋብሪካ እንደወጡ ይቀራሉ።

በዚሁ `TL-WR841N` ላይ የደረሰው ይህ ነው። በአንዳንድ ዕትሞቹ ሁለት ቀዳዳዎች ተገኙ። አንደኛው ያልተፈቀደለት ሰው የራውተሩን ፓስወርድ እንዲያነብ ያስችለዋል። ሁለተኛው ቀዳዳ ያለው የልጆችን የኢንተርኔት አጠቃቀም ለመቆጣጠር በተሠራው ገጽ ላይ ሲሆን፣ ፓስወርዱን የያዘ ሰው ራውተሩን የፈለገውን ትእዛዝ እንዲያስፈጽም ያደርገዋል። ኳድ-7 በሚል ስም የታወቀ ቡድን እንደነዚህ ያሉ ራውተሮችን በብዛት ሰብስቦ፣ በባለቤቶቻቸው መስመር በኩል የማይክሮሶፍት ኢሜይል ፓስወርዶችን ይሞክርባቸው ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን በ2024 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በይፋ አስታውቋል። የአሜሪካው የሳይበር ደህንነት ተቋም ሲሳ ደግሞ በሴፕቴምበር 2025 ሁለቱንም ቀዳዳዎች በጥቃት ላይ እየዋሉ ካሉት ተርታ መዝግቧቸዋል። ለኢሜይሉ ባለቤት ጥቃቱ የሚመጣው ከአንድ ተራ ቤተሰብ ቤት ይመስላል። ቤተሰቡም አይጠረጥርም፤ ኢንተርኔቱ እንደ ወትሮው ይሠራልና።

ቲፒ-ሊንክ ሞዴሉ የድጋፍ ዘመኑ ያለፈ ቢሆንም ለዘጠነኛው ዕትም መጠገኛ ፈርምዌር አውጥቷል። የእናንተ ይህ መጠገኛ ይኑረው አይኑረው ማወቅ ቀላል ነው። ራውተሩን ገልብጡና ስቲከሩ ላይ `Ver` የሚለውን አንብቡ። ቀጥሎ በስልክ ወይም በላፕቶፕ ብራውዘር `192.168.0.1` ብላችሁ ግቡ (በሌሎች ራውተሮች አድራሻው `192.168.1.1` ሊሆን ይችላል፤ እሱም ስቲከሩ ላይ አለ)። `Status` የሚለው ገጽ ላይ `Firmware Version` ከሚለው ጎን `Build` የሚል ቃልና ስድስት አሃዝ ይታያል። አሃዙ ቀን ነው፦ መጀመሪያ ዓመት፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን። `Build 150310` ማለት ማርች 10 ቀን 2015 የተሠራ ማለት ነው። ለዘጠነኛው ዕትም የወጣው መጠገኛ `241108`፣ ማለትም የኖቬምበር 8 ቀን 2024 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ያ ራውተር ያለ ጥገና የቆየበት ዘመን ነው።

ማደስ ከፈለጋችሁ ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። የዕትሙ ቁጥርም፣ የተሸጠበት የዓለም ክፍልም መግጠም አለበት። የአሥረኛውን ዕትም ፈርምዌር ዘጠነኛው ላይ የጫነ ሰው መብራቱ ብቻ ብልጭ የሚል ሳጥን ታቅፎ ይቀራል። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋም ውጤቱ ያው ስለሆነ፣ መብራት በሚመላለስበት ቀን አትሞክሩት። ከማደሱ በፊት አገልግሎት ሰጪው የሰጣችሁን የመስመሩን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ከእድሳቱ በኋላ ስለሚጠፋ። ሲያበቃ `admin` የሚለውን የፋብሪካ ፓስወርድ ለውጡ። `Remote Management` የሚለው ገጽ ላይ ያለው አድራሻም `0.0.0.0` መሆኑን አረጋግጡ። `255.255.255.255` ከሆነ በሩ ለመላው ዓለም ክፍት ነው።

«አጥፍቼ ባበራውስ?» የሚል አይጠፋም። በ2018 ቪፒኤንፊልተር የሚባል ተንኮል አዘል ሶፍትዌር በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ራውተሮችንና መሰል መሣሪያዎችን በያዘ ጊዜ፣ ኤፍቢአይ ሕዝቡ ራውተሩን አጥፍቶ እንዲያበራ ጠይቆ ነበር። ምክሩ ከንቱ አልነበረም፤ በጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ያለው ክፍል ይጠፋል። የገባበት ቀዳዳ ግን ሳይደፈን ስለሚቀር ተመልሶ መግባት ይችላል። በሜይ 2025 ያው ኤፍቢአይ በድጋሚ ሲያስጠነቅቅ፣ ወንጀለኞች ድጋፋቸው ያበቃ አሮጌ ራውተሮችን እየያዙ መስመራቸውን ማንነቱን መደበቅ ለሚፈልግ ሁሉ እንደሚሸጡ ገልጿል። ዋናው መፍትሔ ብሎ ያቀረበውም መቀየርን ነው።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። አምራቹ ለዕትማችሁ ፈርምዌር ማውጣት ካቆመ፣ ራውተሩ የቱንም ያህል በደንብ ቢሠራ ቀይሩት። ፓኬጁ ራውተሩ ከሚያሳልፈው ከበለጠም ቀይሩት። ከነዚህ ውጭ ያለውን በቦታ ለውጥና በአዳፕተር ሞክሩ። «ገንዘብ ከየት ይምጣ?» ለሚል፣ ዋጋውን ራውተሩ ለሚያገለግልባቸው 4 ወይም 5 ዓመታት ቢያካፍለው በወር የሚደርሰው ከኢንተርኔቱ ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የተጠቀሰው የሲሳ ምክርም የድጋፍ ዘመናቸው ያለፈባቸውን መጠቀም ማቆም ነው፤ ለዘጠነኛው ዕትም የወጣውን መጠገኛ የመቀየሪያ ጊዜ መግዣ አድርጉት እንጂ አትደገፉበት።

ግዢው ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ፋይበር ያለው ቤት ነው። ከግድግዳው ቀጭኑን የፋይበር ገመድ የሚቀበለው ሣጥን የአገልግሎት ሰጪው ስለሆነ ከገበያ በተገዛ ራውተር አይተካም፤ አዲሱ ራውተር ከእሱ ኋላ በኬብል ይያያዛል። በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ደግሞ የስልክ ገመድ ቀዳዳ ያለው መሆኑን ሳያይ መክፈል የለበትም፤ `TL-WR841N` ራሱ ያ ቀዳዳ የለውም። ሁለተኛው ወጥመድ ካርቶኑ ያልተከፈተ አሮጌ ሞዴል ነው። ሱቅ ውስጥ አዲስ የሆነ ዕቃ ለአምራቹ ጡረታ የወጣ ሊሆን ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት የሞዴሉንና የዕትሙን ቁጥር በስልካችሁ ፈልጉ፤ የመጨረሻው ፈርምዌር ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ከሆነ ተዉት። በብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ አምራች ዕቃው እስከ መቼ የደህንነት ጥገና እንደሚያገኝ እንዲገልጽ በሕግ ስለሚገደድ፣ እዚያ ያለ ዘመድ ካላችሁ ያንን ቀን እንዲያይላችሁ ጠይቁት።

አሮጌውን ደግሞ «ለክፍለ ሀገር ይሆናል» ብላችሁ ለዘመድ አትላኩት። ፓስወርዶቻችሁ እንዳይቀሩበት የኋላውን `Reset` ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ አጽዱና ጣሉት፤ አዳፕተሩ ደህና ከሆነ ግን አስቀምጡት።