የአክሲዮን ቤታ፦ ዕዳውም ግብሩም ሲለወጥ

የአክሲዮን ቤታ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ከጠቅላላው ገበያ ጋር ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ይለካል። በውስጡ ሁለት ሥጋቶች አሉ፤ አንዱ የሥራው የራሱ ሥጋት ሲሆን ሌላው ዕዳ የሚያመጣው ነው። ወለድ ቀድሞ ስለሚከፈል ገቢ ሲቀንስ ጉዳቱ በባለአክሲዮኖች ላይ ይበረታል። ስለዚህ የኩባንያው ዕዳ ሲለወጥ ቤታውን መጀመሪያ ከአሮጌው ዕዳ ማጽዳት፣ ከዚያም አዲሱን መጫን ያስፈልጋል።

በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ሮበርት ሃማዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ነው፤ መሠረቱም ሞዲሊያኒና ሚለር በ1963 የጻፉት ነው።

የአክሲዮን ቤታ = የጸዳ ቤታ × [1 + (1 − ግብር) × ዕዳ/አክሲዮን]

ግብር እዚህ የገባው ወለድ ከግብር በፊት ስለሚቀነስ መንግሥት ሸክሙን በከፊል ስለሚጋራ ነው። ግብሩ ሲቀንስ ይህ ድጋፍ ስለሚያንስ ያው ዕዳ ቤታውን የበለጠ ከፍ ያደርገዋል።

አሜሪካ የፌዴራል የኩባንያ ግብርን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከ35 ወደ 21 በመቶ አውርዳለች። ለምሳሌ ከለውጡ በፊት ቤታው 1.30፣ ዕዳው የአክሲዮኑ የገበያ ዋጋ ግማሽ የነበረ ኩባንያ እንውሰድ። 1.30 ለ1.325 ሲካፈል የጸዳው ቤታ 0.981 ይሆናል። ኩባንያው ዕዳውን ከአክሲዮኑ ጋር እኩል ካደረገ፣ በአዲሱ ግብር 0.981 በ1.79 ተባዝቶ 1.76 ገደማ ይሰጣል።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በማጽዳቱ ላይ ነው። 1.30 የተለካው በ35 በመቶ ዘመን ነው፤ በ21 በመቶ ቢጸዳ የመጨረሻው ውጤት ወደ 1.67 ይወርዳል። የገበያው ተጨማሪ ትርፍ 5 በመቶ ከሆነ፣ ባለአክሲዮኖች የሚጠብቁት ትርፍ በ0.4 በመቶ ነጥብ ያህል አንሶ ይገመታል። ሌላው ስሕተት የዕዳ ድርሻ ነው፤ ዕዳ ከጠቅላላው 50 በመቶ ነው ማለት ከአክሲዮኑ ጋር እኩል ነው ማለት እንጂ ግማሹ ነው ማለት አይደለም።

ቀመሩ የዕዳው መጠን በብር እንደማይለወጥና ዕዳው ከገበያው ጋር እንደማይዋዥቅ ያስባል። ኩባንያው የዕዳውን ድርሻ ሁልጊዜ ቋሚ የሚያደርግ ከሆነ ሃሪስና ፕሪንግል እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡት መንገድ ይሻላል። በዚህ መንገድ ግብሩ ከቀመሩ ይወጣል፤ በምሳሌያችንም 1.30 ለ1.5 ተካፍሎ በ2 ሲባዛ 1.73 ይገኛል። ዕዳው በጣም ከበዛ ግን አበዳሪዎችም ከሥጋቱ ይካፈላሉ፤ ይህን ያልቆጠረ ስሌት የአክሲዮኑን ቤታ ያጋንናል።

የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2025 ስለሆነ፣ ገማቾች ገና ለረጅም ጊዜ የውጭ ኩባንያዎችን ቤታ መዋስ ይኖርባቸዋል። የተዋሱትን በዚያው አገር ግብርና ዕዳ ያጽዱት፤ ሲጭኑት ግን የኢትዮጵያን 30 በመቶ የኩባንያ ግብርና የራሳቸውን ኩባንያ የዕዳ ድርሻ ይጠቀሙ።