ስድስት ወር ፈቃድ፣ የሁለት ወር ደመወዝ

አንድ ፋብሪካ ሠራተኞቹ ሲታመሙ ስላላቸው መብት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊለጥፍ ፈለገ እንበል። የሰው ኃይል ክፍሉ ባለሙያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገልጦ አንቀጽ 85ንና 86ን አነበበና በአንድ መስመር አሳጠራቸው፦ «የታመመ ሠራተኛ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ውሸት የለበትም። አዋጁ ስድስት ወር ይላል። ሰሌዳው ፊት የቆመው ሠራተኛ የሚረዳው ግን ሌላ ነው፤ ስድስት ወር ተኝቶ ደመወዙን እንደሚበላ ያስባል። በአዋጁ መሠረት ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው ለመጀመሪያው ወር ብቻ ነው። ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈላል፤ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ምንም አይከፈልም። ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በመጀመሪያው ወር 9,000፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር 4,500፣ 4,500 ያገኛል። ስድስቱ ወር ሲደመር 18,000 ብር፣ ማለትም የሁለት ወር ደመወዝ ነው። በዚያች አንድ መስመር ተማምኖ የቤት ኪራዩን ያሰላ ሰው በአራተኛው ወር ባዶ እጁን ይቀራል።

ጽሑፍ ለማሳጠር የሚቀመጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ገጽ ይሁን?» ብሎ ነው። እንደ እኔ ግን ርዝመት የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ከእሱ በፊት ዋናው ጽሑፍ፣ ዓላማውና አንባቢው መጣራት አለባቸው። የሕመም ፈቃዱ ሁለት አንቀጾች ይህን ለማሳየት ይበቃሉ።

መጀመሪያ የሚጣራው በእጃችን ያለው ጽሑፍ ትክክለኛውና ሙሉው መሆኑ ነው። አዋጅ 1156 የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 377/96 ተክቷል። በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ግን አሮጌው አሁንም አይጠፋም። ከአሮጌው የወሊድ ፈቃድ የሚያሳጥር ሰው 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 60 ቀን ከወሊድ በኋላ ብሎ ይጽፋል፤ በአሁኑ ሕግ ግን ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ነው። አጻጻፉ ምንም ያህል ቢያምር እናቲቱ አንድ ወር ተወስዶባታል። ሌላም አለ፤ አዋጁ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን መብት ስለሆነ የድርጅቱ ኅብረት ስምምነት ከዚያ የተሻለ ሊሰጥ ይችላል። ኅብረት ስምምነት ባለበት ቤት አዋጁን ብቻ ማሳጠር ግማሽ ሥራ ነው።

ከዚያ ንባቡ ይመጣል። ሕግ ስናነብ ዓይናችን ቁጥሩ ላይ ያርፋል፤ ትርጉሙን የሚሸከሙት ግን በዙሪያው ያሉት ትናንሽ ቃላት ናቸው። ስለዚህ በእርሳስ የሚሰመርባቸው «ውጭ»፣ «ካልሆነ በቀር»፣ «በኋላ» የሚሉት ናቸው። በአንቀጽ 85 እነዚህን ስንከተል አራት ቅድመ ሁኔታዎች እናገኛለን። ፈቃዱ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። ሕመሙ በሥራ ምክንያት ከደረሰ ጉዳት ውጭ መሆን አለበት። ስድስቱ ወር በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ፣ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ባሉት 12 ወራት ውስጥ ይቆጠራል። ሠራተኛው በቀረ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል።

ከእነዚህ አንዱን መጣል ምን እንደሚያስከትል ለማየት ሁለተኛውን እንውሰድ። ማሽን ጣቱን የቆረጠው ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ውስጥ አይገባም፤ ለእሱ አዋጁ ሌላ ክፍያ አለው፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራትም ሙሉ ያገኛል። ማሳጠሪያው «ከሥራ ላይ ጉዳት ውጭ» የሚለውን ከተወ ይህ ሰው ከአንድ ወር በኋላ ግማሽ ደመወዝ ተከፍሎት ዝም ብሎ ሊቀበል ይችላል።

ዓላማና አንባቢ ተነጣጥለው አይታዩም፤ ማን አንብቦ ምን ሊያደርግበት ነው የሚል አንድ ጥያቄ ናቸው። የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛው የሚፈልገው አቆጣጠሩን ነው። አንድ ሰው በመስከረም 20 ቀን፣ በታኅሣሥ ደግሞ 15 ቀን ቢታመም ሁለተኛው ከዜሮ አይጀምርም። ወሩን 30 ቀን ብለን ብንይዝ ከታኅሣሡ ዐሥሩ ቀን በሙሉ፣ አምስቱ ቀን በግማሽ ደመወዝ ይታሰባል። ለእሱ በሚጻፈው ማጠቃለያ ይህ ምሳሌ መግባት አለበት። ሥራ አስኪያጁ ግን ክፍያውንና የጊዜ ገደቡን ካወቀ ይበቃዋል፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ሰሌዳው ፊት የሚቆመው ሠራተኛ የሚጠይቀው ስንት እንደሚያገኝና ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። በቃላቱም መናገር ይገባል፤ «የሕክምና ማስረጃ» ሳይሆን «የሐኪም ወረቀት» ነው የሚለው።

የሚጣለውን የሚወስነውም አንባቢው ነው። አዋጁ የራሱ የሕክምና አገልግሎት ላለው ድርጅት ስለ ማስረጃው የተለየ ሁኔታ ያስቀምጣል። የእኛ ፋብሪካ ክሊኒክ ከሌለው ያ ሐረግ ያለ ጸጸት ይወጣል፤ ክሊኒክ ባለው ፋብሪካ ሰሌዳ ላይ ግን ይቆያል። በአንጻሩ አሠሪው ሕመሙን የሚያውቅ ከሆነ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ከሆነ የማሳወቅ ግዴታው ቀሪ መሆኑን መጣል አይገባም፤ አደጋ ደርሶበት ራሱን ስቶ የሰነበተ ሰው መብቱ የጠፋ ይመስለዋል። ይህን ሐሳብ ሲያሳጥሩ «ባታሳውቁም ችግር የለም» ብሎ መለጠጥም አለ። ሕጉ እንዲህ አላለም። አሳጣሪ መቀነስ እንጂ መጨመር አልተፈቀደለትም።

አሁን ርዝመቱ ራሱ ይመጣል። ክሊኒክ ለሌለው ፋብሪካ ሰሌዳ የሚከተለው ይበቃል፦

«የሙከራ ጊዜያችሁን የጨረሳችሁ ሠራተኞች ስትታመሙ፣ ከሕመሙ መጀመሪያ አንሥቶ ባሉት 12 ወራት በጠቅላላው እስከ 6 ወር ፈቃድ አላችሁ። ደመወዝ የሚከፈለው፦ የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። አሠሪው ካላወቀና ማሳወቅ ከቻላችሁ፣ በቀራችሁ ማግስት አሳውቁ። ከታወቀ የጤና ተቋም የሐኪም ወረቀት አምጡ። ሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ በዚህ አይታይም፤ መብቱን የሰው ኃይል ክፍልን ይጠይቅ። (አዋጅ 1156/2011፣ አንቀጽ 85 እና 86)»

ከአንድ መስመሩ በብዙ ይረዝማል፤ ቆሞ ለሚያነብ ሰው ግን ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አለቃ «ይህ በዛ፣ በሁለት መስመር አድርገው» ቢል ምን ይደረግ? ቅድመ ሁኔታዎቹን እየቆረጡ ማሳጠር አያዋጣም። ይልቅ ርእሱን ማጥበብ ይሻላል፤ «የሕመም ፈቃድ ክፍያ» ብሎ ስለ ክፍያው ብቻ ጽፎ ሌላውን ሰው ኃይል ክፍል ጠይቁ ማለት ይቻላል።

ከመለጠፉ በፊት አዋጁን አንብቦ የማያውቅ አንድ ሠራተኛ ወረቀቱን ያንብብ። ከዚያ «በሁለተኛው ወር ስንት ታገኛለህ? ፕሬስ ማሽኑ ቢጎዳህስ? ከሦስት ወር በኋላ ደግመህ ብትታመም ከየት ይቆጠራል?» ተብሎ ይጠየቅ። ሦስቱንም ከወረቀቱ ላይ ማግኘት ካልቻለ የሚታረመው ወረቀቱ ነው። ከላይ ባስቀመጥኩት ረቂቅ ሦስተኛው ጥያቄ ሊያንገዳግደው ይችላል፤ «በጠቅላላው» ከሚለው ቃል ቀጥሎ «ተከታትሎም ሆነ ተለያይቶ» የሚል ቢጨመርበት ይሻላል።