ከአኻያ ቅርፊት ያልተገኘው የአስፒሪን ጉልበት

አስፒሪን ከአኻያ ዛፍ ቅርፊት የተገኘ መድኃኒት ነው ሲባል ብዙዎቻችን ሰምተናል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ቅርፊቱ ሕመም ያስታግሣል፣ ትኩሳት ያበርዳል፤ ለአስፒሪን መነሻ የሆነውም እሱ ነው። ዛሬ ግን የልብ ሐኪሞች ለሕሙማን በየቀኑ አንዲት ትንሽ ክኒን የሚያዙበት ዋናው ምክንያት ቅርፊቱ ውስጥ የለም። ያ ጉልበት የመጣው ኬሚስቶች በኋላ ካከሉት አንድ ቁራጭ ነው፤ ያከሉትም ለሌላ ዓላማ ነበር።

አኻያ በእኛም አገር ወንዝ ዳር የሚበቅል ዛፍ ነው። የቅርፊቱን ታሪክ ግን በጽሑፍ አጥርቶ ያስቀመጠው እንግሊዛዊው ቄስ ኤድዋርድ ስቶን ነው። ስቶን ቅርፊቱን ሲቀምሰው ምሬቱ ለንዳድ ይታዘዝ የነበረውን፣ ዋጋውም እጅግ ውድ የነበረውን የሲንኮና ቅርፊት አስታወሰው። ከዚያም ቅርፊቱን አድርቆ ወቀጠና ንዳድ ለያዛቸው ሰዎች በየ4 ሰዓቱ በውኃ እየበጠበጠ ይሰጣቸው ጀመር። በመጀመሪያ የሰጠው መጠን ከ1 ግራም ብዙም የማይበልጥ ነበር፤ ጉዳት አለማምጣቱን ሲያይ ቀስ በቀስ እስከ 4 ግራም ገደማ አሳደገው። 50 በሚሆኑ ሰዎች ላይ ያየውን ውጤት በ1763 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ አሳወቀ።

ምሬቱን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ሳሊሲን ይባላል። በ1828 ጀርመናዊው ዮሃን ቡክነር ከቅርፊቱ ለይቶ አወጣው። ሳሊሲን በራሱ መድኃኒት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ አንድ የስኳር ሞለኪውል ከአንድ የአልኮል ዓይነት ጋር የተጣመረበት ውሁድ ነው። ሰው ሲውጠው አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ይቆርጡለታል፤ የቀረውን ክፍል ደግሞ በተለይ ጉበት ወደ ሳሊሲሊክ አሲድ ይለውጠዋል። ሕመሙን የሚያስታግሠው ይህ አሲድ ነው። ጣሊያናዊው ራፋኤሌ ፒሪያ በ1838 ሳሊሲሊክ አሲድን ከሳሊሲን በላቦራቶሪ አገኘው፤ ከዚያም በኋላ ያለ አኻያ በፋብሪካ በብዛት ማምረት ተቻለ።

ችግሩ ሳሊሲሊክ አሲድ ሲዋጥ ሆድ ያቃጥላል፣ ጣዕሙም መጥፎ ነው። በጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚሠሩ ኬሚስቶች ለሆድ የሚለዝብ ቅርጽ ሲፈልጉ፣ ፌሊክስ ሆፍማን በ1897 አሴቲል የሚባል ትንሽ ቁራጭ በአሲዱ ላይ አያያዘና ንጹሕ አሴቲልሳሊሲሊክ አሲድ ሠራ። ውሁዱን ቀደም ብሎ በ1853 ፈረንሳዊው ሻርል ዤራር ሠርቶት ነበር፤ ንጹሕ ግን አልነበረም። ባየር በ1899 አስፒሪን ብሎ ለገበያ አቀረበው። ያቺ አሴቲል ምን እንደምትሠራ ሳይታወቅ ግን ከ70 ዓመት በላይ አለፈ።

መልሱ የመጣው በሁለት ደረጃ ነው። በ1971 እንግሊዛዊው ጆን ቬን አስፒሪን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ቅመሞች ሰውነት ውስጥ እንዳይሠሩ እንደሚያግድ አሳየ፤ በ1982ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ፕሮስታግላንዲኖች ሕመምን ያባብሳሉ፣ ትኩሳት ያስነሣሉ፣ የቆሰለ ቦታ እንዲያብጥ ያደርጋሉ። የሚሠራቸው ሳይክሎኦክሲጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። በ1975 ደግሞ ጄራልድ ሮት እና ፊሊፕ ማጄረስ የተባሉ አሜሪካውያን አስፒሪን አሴቲሏን ለኢንዛይሙ ሰጥቶት እንደሚሄድ አረጋገጡ።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ኢንዛይሙ ውስጥ ረጅምና ጠባብ ቦይ አለ። ከሕዋስ ሽፋን የተለቀቀ አራኪዶኒክ አሲድ የተባለ ስብ በዚህ ቦይ ይገባል፤ ጥልቁ ላይ ሲደርስ ኦክስጅን ተጨምሮበት ወደ ፕሮስታግላንዲን ይለወጣል። በቦዩ ግድግዳ ላይ፣ 530ኛው ቦታ ላይ፣ ሴሪን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። አስፒሪን ቦዩ ውስጥ ገብቶ ከሴሪኑ አጠገብ ሲደርስ አሴቲሏ ከእሱ ተላቅቃ ከሴሪኑ ጋር በጽኑ ኬሚካላዊ ትስስር ትጣበቃለች። የቀረው ሳሊሲሊክ አሲድ ይወጣል፤ አሴቲሏ ግን ቦዩን ዘግታ ትቀራለች። ሌሎች የሕመም ማስታገሻዎች፣ ለምሳሌ አይቡፕሮፌን፣ በር ላይ ቆሞ ኋላ እንደሚሄድ ሰው ናቸው፤ መጠናቸው ከደም ሲቀንስ ቦዩን ይለቃሉ። አስፒሪን የነካው ኢንዛይም ግን ዳግም አይሠራም። ከአኻያ የሚገኘው ሳሊሲሊክ አሲድ አሴቲል ስለሌለው ይህን ማድረግ አይችልም።

እንግዲህ ሰውነት የተበላሸውን የሚተካው አዲስ ኢንዛይም በመሥራት ነው። አብዛኞቹ ሕዋሳት ይህን በሰዓታት ውስጥ ያደርጋሉ፤ ለራስ ምታት የተወሰደ አስፒሪን ከጥቂት ሰዓት በኋላ የሚያልቀውም በከፊል ለዚህ ነው። ደም የሚያረጉት ጥቃቅኖቹ ፕላትሌቶች ግን ኒውክለስ የላቸውም፤ ስለዚህ የጠፋባቸውን ኢንዛይም መተካት አይችሉም። ትሮምቦክሴን የተባለውን፣ ፕላትሌቶች እንዲጣበቁ የሚጠራውን ቅመም የሚሠሩት በዚሁ ኢንዛይም ነው። አንድ ፕላትሌት ደግሞ የሚኖረው ከ8 እስከ 10 ቀን ነው።

የልብ ድካም ገጥሞት የዳነ አንድ ሰው ሰኞ ጠዋት 100 ሚሊግራም አስፒሪን ዋጠ እንበል። መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ጉበት በሚወስደው ደም ውስጥ ሳለ በዚያ የሚያልፉትን ፕላትሌቶች ያገኛል። ጉበት ላይ ሲደርስ ብዙው አሴቲሉን ያጣል፤ ደም ውስጥ ያለው የቀረው አስፒሪንም በየ20 ደቂቃው ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ማታ ላይ መድኃኒቱ የለም፤ የነካቸው ፕላትሌቶች ግን እስኪሞቱ ድረስ እንደተዘጉ ናቸው። መቅኔ በየቀኑ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ያህል አዲስ ፕላትሌት ስለሚልክ፣ ማክሰኞ ሌላ ትንሽ ክኒን ለአዲሶቹ ትበቃለች። ትንሽ መጠን በየቀኑ የሚታዘዘው በዚህ ስሌት ነው።

ይኸው ሰው ጉልበቱን ስላመመው በማለዳ አይቡፕሮፌን ቀድሞ ከወሰደ ግን ነገሩ ይበላሻል። አስፒሪኑ ሲደርስ ቦዩ ተይዟል፤ ቦታው ሳይለቀቅለት አስፒሪኑ ከደም ይጠፋል። ከሰዓታት በኋላ አይቡፕሮፌን ሲወጣ ፕላትሌቶቹ ሳይነኩ ቀርተዋል። ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ መከላከያው ግን የለም። ስለዚህ ሽፋን የሌለውን አስፒሪን ቀድሞ መውሰድና አይቡፕሮፌኑን ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ ማድረግ፣ ወይም አይቡፕሮፌን ከተወሰደ 8 ሰዓት እስኪያልፍ አስፒሪኑን ማቆየት ይመከራል። ሁለቱን አዘውትሮ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ይህ ጽናት ዋጋ አለው። የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀው ፕሮስታግላንዲንም አብሮ ስለሚቀንስ ቁስለትና መድማት ሊመጣ ይችላል። እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚጣበቅ ሰገራ የዚህ ምልክት ነው፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። እንደ ድሬዳዋ ደንጊ በታየባቸው ቦታዎች ለትኩሳት አስፒሪን መውሰድ የመድማትን አደጋ ይጨምራል። በጉንፋንና በኩፍኝ መሰል ቫይረስ የታመሙ ልጆችም ላይ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ፣ ሬይ የሚባል ብርቅ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል አይሰጣቸውም። ጥርስ ሊያስነቅል ወይም ቀዶ ሕክምና ሊያደርግ የሚሄድ ሰው አስፒሪን መውሰዱን አስቀድሞ ይናገር፤ ከልብ ሐኪሙ ጋር ሳይማከር ግን በራሱ አያቁም።

አሴቲል በጽኑ የምትጣበቀው ከኢንዛይሙ ጋር ነው፤ ከአስፒሪን ጋር ያላት ትስስር ደካማ ነው፤ እርጥበት ይፈታዋል። ጠርሙሱ ሲከፈት አቼቶ አቼቶ የሚል ሽታ ከመጣ አሴቲሏ ተላቅቃ አሴቲክ አሲድ ሆናለች ማለት ነው። ክኒኑ ውስጥ የሚበዛው ከእንግዲህ አኻያ ሊሰጥ የሚችለው ተራ ሳሊሲሊክ አሲድ ነው፤ ሆድ ያቃጥላል፣ ፕላትሌት አይዘጋም። እንዲህ ያለውን ክኒን መጣል፣ አዲሱንም ከመታጠቢያ ቤትና ከምድጃ ርቆ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።