ባዶው ሳጥን መቼ ይነገር? ስለ ቅጽ አሠራር አጭር ዳሰሳ

በድረ ገጽ ቅጽ ላይ አንድን ሳጥን «ካልተሞላ አይላክም» ማለት ዛሬ የአንድ ቃል ሥራ ነው። በ2014 በጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ውስጥ `required` የሚለውን ቃል መጻፍ ብቻ ይበቃል፤ ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ብራውዘሩ ራሱ መላኩን ያግደዋል። ነገር ግን ይህ ጥበቃ ተጠቃሚው «ላክ» የሚለውን ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ዝም ይላል። ሲናገርም ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ባዶ ሳጥን ሥር አንዲት ትንሽ ማስታወቂያ ብቅ አድርጎ ያቆማል። አምስት ሳጥን የዘለለ ሰው አምስቱን የሚያውቀው አንድ በአንድ፣ ቁልፉን ደጋግሞ እየተጫነ ነው። ደግሞም አንዲት ባዶ ክፍተት ብቻ የተተየበችበትን ሳጥን ብራውዘሩ እንደተሞላ ይቆጥረዋል፤ ይህን ለመዝጋት ቢያንስ አንድ የሚታይ ፊደል መጠየቅ ያስፈልጋል፦

```html
<input name="abat" required pattern=".*\S.*">
```

ታዲያ ጉድለቱ መቼ ይነገር? በዚህ ላይ ሁለት የታወቁ ጥናቶች ሲያዩዋቸው የሚጋጩ ይመስላሉ። በ2007 የባዝል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ሰው ቅጽ ሲሞላ ሐሳቡ ወደፊት በመሄድ ላይ ነው፤ በመሃል የሚወጣን የስህተት መልእክት ብዙ ጊዜ አልፎት ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁሉም መጨረሻ ላይ በአንድነት ቢነገረው የተሻለ ያርማል። በ2009 ደግሞ የቅጽ ንድፍ ባለሙያው ሉክ ሮብለውስኪ በ22 ሰዎች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ እዚያው ሳጥኑ አጠገብ ወዲያው የሚናገረው ቅጽ ስህተትን በ22 በመቶ፣ የመሙያ ጊዜን በ42 በመቶ ቀነሰ። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው የሙከራው ዝርዝር ነው። የሮብለውስኪ ቅጽ የረዳው እንደ የይለፍ ቃል ባሉ፣ ተጠቃሚው ትክክል ይሁን አይሁን በማያውቃቸው ጥያቄዎች ላይ ነበር፤ ስምን በመሰለ ቀላል ጥያቄ ላይ «ትክክል ነው» የሚለው ምልክት ሰዎችን ግራ አጋባ። ገና እየተየቡ ሳሉ የመጣው ማስጠንቀቂያም አበሳጫቸው።

እኔ ከዚህ የምወስደው፣ የተሳሳተ መልስና ያልተሰጠ መልስ አንድ ሰዓት አይጋሩም የሚለውን ነው። በስህተት የተጻፈ የኢሜይል አድራሻ ተጠቃሚው ሳጥኑን ለቅቆ ሲወጣ ሊነገረው ይገባል። ባዶ ሳጥን ግን ገና ጉድለት ላይሆን ይችላል፤ ሰውዬው መታወቂያውን ከመሳቢያ ሊያወጣ ሄዶ ይሆናል። ስለ ባዶው ሳጥን መጠየቅ ያለብን የአንድ ክፍል መጨረሻ ላይ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ከመሻገሩ በፊት ነው፤ ያን ጊዜ የጎደሉት ሁሉ በአንድ ዝርዝር ከላይ ይታያሉ፣ እያንዳንዱም ሲጫኑት ወደ ሳጥኑ ይወስዳል። የብሪታንያ መንግሥት ድረ ገጾች መመሪያም የጎደለውን በዚህ ዓይነት ዝርዝር ማሳየትን ይመክራል።

ሁሉም ሳጥን እስኪሞላ የመላኪያውን ቁልፍ ለምን አናደበዝዘውም የሚል ይኖራል። በእርግጥ ያልተሟላ ነገር አይላክም። ነገር ግን የደበዘዘ ቁልፍ የጎደለው ምን እንደሆነ አይናገርም፤ ረጅም ቅጽ በስልክ የሚሞላ ሰው ወደ ላይና ወደ ታች ሲፈልግ ቆይቶ ቅጹ ተበላሽቷል ብሎ ይተወዋል። ቁልፉ ሁልጊዜ ይሠራ፤ የጎደለ ነገር ካለ ግን ሲነካ ከመላክ ይልቅ የጎደለውን ያሳይ።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሳጥኑን ግዴታ ስናደርግ ሰው የፈጠራ መልስ ይሞላል። እውነት ነው፤ የቤተሰብ ስም የሌለው ኢትዮጵያዊ ነጥብ ወይም የራሱን ስም ደግሞ ይጽፋል፣ ቅጹም ሙሉ ነው ብሎ ይቀበለዋል። መፍትሔው ግዴታውን ማንሳት ሳይሆን «የለኝም» የሚል ምርጫ አጠገቡ ማስቀመጥ ነው፤ ያኔ ባዶነቱ ራሱ መልስ ይሆናል።

ከባዱን ጉድለት ግን ሳጥን መቁጠር አያገኘውም። የአሜሪካን የዲቪ ሎተሪ ቅጽ እንይ። ቅጹ በመጀመሪያው ክፍል የጋብቻ ሁኔታንና የልጆችን ቁጥር ይጠይቃል፤ በመልሱ መሠረት ስለ ባለቤትና ስለ ልጆች የሚጠይቀው ክፍል ይከተላል። ወሳኙን ጥያቄ አስቀድሞ መጠየቁ ትክክለኛ አሠራር ነው፤ ቅጹ ከዚህ ሰው ምን እንደሚፈልግ የሚያውቀው በዚህ ነው። ሆኖም ከሌላ እናት የተወለደውን፣ አብሮት የማይኖረውን ልጅ ሳይቆጥር «2» ብሎ የጻፈ ሰው ቅጹን እስከ መጨረሻው ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ይሞላል። ደንቡ ግን ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆች፣ አብረው ባይኖሩም ሆነ ባይሄዱም፣ እንዲመዘገቡ ያዛል፤ ይህ ሰው ዕጣው ቢደርሰው እንኳ ልጁን አለመጥቀሱ ቪዛውን ሊያስከለክለው ይችላል። እንዲህ ያለውን ጉድለት አስቀድሞ የሚያሳየው የጥያቄው አጻጻፍ ብቻ ነው፤ በማንኛውም ቅጽ ላይ «የልጆች ቁጥር» ብቻ ከማለት ይልቅ «አብረውዎት የማይኖሩትን፣ የእንጀራ ልጆችንም ጨምሮ» የሚለው ማሳሰቢያ እዚያው ሳጥኑ ላይ ቢሆን ሰው ሳይሳሳት ይቆጥራል።

በመጨረሻም፣ ብራውዘር ላይ የተደረገ ቁጥጥር ሊታለፍ ስለሚችል ሰርቨሩ ያንኑ እንደገና ማረጋገጥ አለበት። በዚያው ላይ ተጠቃሚዎችን የቱ ሳጥን እንዳስቆማቸው መመዝገብ ይጠቅማል፤ ብዙዎች አንዱን ሳጥን የሚዘሉት ከሆነ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ጥያቄው ነው።