ከድንጋይ ሥር ያሉ እጮች ስለ ወንዙ ምን ይናገራሉ?

የወንዝ ውኃ በጠርሙስ ተቀድቶ ላቦራቶሪ ሲገባ የሚታወቀው በተቀዳበት ሰዓት የነበረው ሁኔታ ነው። ፍሳሹ ሌሊት ተለቅቆ እስኪነጋ ካለፈ፣ ጠርሙሱ ምንም ላያሳይ ይችላል። ከድንጋይ ሥር የሚኖሩት አከርካሪ የሌላቸው ትንንሽ እንስሳት ግን ወራትን እዚያው ያሳልፋሉ። ኦክስጅን ሲያጥር ብዙ የሚፈልጉት ይጠፋሉ፣ በጥቂቱ መኖር የሚችሉት ይበዛሉ። ይህን ለውጥ ወደ አንድ ቁጥር የሚያጠቃልለው ስሌት ባዮቲክ ኢንዴክስ ይባላል።

በብዙ አገሮች ከሚሠራባቸው አንዱን አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ዊልያም ሂልሰንሆፍ ለዊስኮንሲን ወንዞች አዘጋጀው። በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቅጽ እንስሳቱን እስከ ቤተሰብ ደረጃ ብቻ መለየት ስለሚጠይቅ ለመስክ ሥራ ይቀላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከ0 እስከ 10 የመቻል ነጥብ አለው፤ 0 ብክለትን ፈጽሞ የማይችል፣ 10 እጅግ የሚችል ማለት ነው።

ናሙናው የሚወሰደው ውኃው በድንጋይ ላይ እየተንደረደረ ከሚፈስበት ጥልቀት የሌለው ቦታ ነው። መረቡ ከታች በኩል ተደግፎ ይያዛል፣ ከበላዩ ያለው ድንጋይና ጠጠር በእግር ይቀሰቀሳል፤ የተነቀሉትን እንስሳት ወራጁ ውኃ ራሱ ወደ መረቡ ያስገባቸዋል። ከዚያ በነጭ ትሪ ላይ ይገለበጡና ትልቁንም ትንሹንም ሳያማርጡ 100 ያህል ይለቀማሉ።

ለማስረዳት ያህል ከአንዲት ከተማ በላይና በታች ናሙና ወሰድን እንበል። ከከተማዋ በላይ ከተለቀሙት 100 ውስጥ 80ዎቹ ነጥባቸው 4 የሆነ የሜይፍላይና የካዲስፍላይ እጮች ናቸው። የቀሩት 20 ደግሞ ነጥባቸው 6 የሆነ የጥቁር ዝንብ እጮች ናቸው። የእያንዳንዱ ቡድን ብዛት በነጥቡ ይባዛል፣ ድምሩም ለጠቅላላው ብዛት ይካፈላል፦ 320 እና 120 ሲደመሩ 440፣ ለ100 ሲካፈል 4.4። ከከተማዋ በታች ደግሞ 80ዎቹ ነጥባቸው 8 የሆነ ደም የመሰሉ ቀይ የካይሮኖሚድ እጮች፣ 10 የጥቁር ዝንብ እጮች፣ 10 የሜይፍላይ እጮች ሆኑ። 640፣ 60 እና 40 ሲደመሩ 740፤ ውጤቱ 7.4 ነው።

በሂልሰንሆፍ ሠንጠረዥ ከ4.26 እስከ 5.00 «ጥሩ» ነው፤ ጥቂት የበሰበሰ ቆሻሻ ሳይገባ እንዳልቀረ ያመለክታል። ከ7.26 በላይ ያለው «እጅግ መጥፎ» ነው። ስለዚህ ውኃው ከተማዋን ሲያልፍ ከባድ የፍሳሽ ጫና ደርሶበታል ማለት ይቻላል። ቀዮቹ እጮች እዚያ የበረከቱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደማቸው ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ እንዲኖሩ ይረዳቸዋል።

ስህተትም የሚገባው በእነዚሁ ላይ ነው። አልኮል ውስጥ ሲቆዩ ቀለማቸው ይለቃል። ቤተ ሙከራ ያለው ሰው ፈዝዘው ሲያገኛቸው ነጥባቸው 6 ከሆነው ሌሎች ካይሮኖሚዶች ጋር ቢደምራቸው 80ዎቹ 480 ብቻ ይሰጡና ውጤቱ ወደ 5.8 ይወርዳል። «እጅግ መጥፎ» የነበረው ወንዝ «በመጠኑ መጥፎ» ሆኖ ይመዘገባል። መፍትሔው ቀዮቹን መስክ ላይ፣ በሕይወት ሳሉ ቆጥሮ መጻፍ ነው።

ቁጥሩ የማይነግረውም አለ። የተሠራው ኦክስጅን ለሚያሳጥር የበሰበሰ ቆሻሻ ነው። የፋብሪካ መርዝ ሁሉንም ገድሎ ስድስት የሜይፍላይ እጮች ብቻ ቢተርፉ ስሌቱ 4 ይሰጣል፣ «በጣም ጥሩ» ተብሎም ይነበባል። ስለዚህ ከነጥቡ በፊት ስንት እንስሳትና ስንት ቤተሰቦች እንደተገኙ መመልከት ያስፈልጋል። ጎርፍም ወለሉን ጠርጎ ሊያልፍ ስለሚችል፣ በክረምት የተወሰደ ናሙና ከበጋው ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። ጥሩ ነጥብ ውኃው ይጠጣል ማለትም አይደለም፤ ተስቦ የሚያመጡ ጀርሞች በዚህ አይለኩም።

የነጥቦቹ መነሻም መታየት አለበት። ለዊስኮንሲን የወጣው ሠንጠረዥ የሚያውቃቸው እንስሳት የእኛን ደጋ ወንዞች አይወክሉም፤ እዚያ የንጹሕ ውኃ ምልክት የሆኑት ስቶንፍላዮች እዚህ ዓይነታቸው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ አለመታየታቸው ብቻውን ብክለትን አያስረዳም። ለዚህም ነው ኢትባዮስ የተባለ ለኢትዮጵያ ወንዞች የተዘጋጀ የነጥብ ሥርዓት የወጣው። ሪፖርት ሲነበብ ደግሞ የትኛው መለኪያ እንደተሠራበት አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ በሂልሰንሆፍ ከፍተኛ ቁጥር ቆሻሻን ሲያመለክት፣ በእንግሊዞቹ መለኪያ ግን ንጽሕናን ያመለክታል።