«ሚስስ ታደሰ» ማን ናቸው? የአንድ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ትርጉም

«የትምህርት ቤት ደብዳቤ ስትተረጉሚ ማዕረጉንና አክብሮቱን እንዴት ታደርጊዋለሽ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የሠራሁትን አንድ ደብዳቤ ከነመልሱ ላሳያችሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ እናት አሉ፤ ወ/ሮ አልማዝ በቀለ ልበላቸው። አንድ ምሽት ሁለት ወረቀት ይዘው መጡ። አንዱ ከልጃቸው ከናሆም ትምህርት ቤት የደረሳቸው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ነው። ሌላው እዚሁ ተወልዶ ያደገው የእህታቸው ልጅ በእጁ የጻፈላቸው ትርጉም ነው። ትርጉሙ እንዲህ ይላል፦ «ውድ ሚስስ ታደሰ፣ ልጅሽ ያለ ምክንያት 5 ቀን ቀርቷል። በ10/3 ስብሰባ እንድትመጪ ትገደጃለሽ።»

«ምን አጥፍቼ ነው እንዲህ የሚናገሩኝ?» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እንግሊዝኛውን አነበብኩት። ክፉ ቃል የለበትም፤ ጨዋ የቢሮ ደብዳቤ ነው። የእህታቸው ልጅም ከፍቅር ነው የሠራው፤ አንድም ቃል አልዘለለም። እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ያው አንድ «ዩ» ነው ያለው። አክብሮቱን የሚያስቀምጠው በማዕረጉ፣ በሰላምታውና በዓረፍተ ነገሩ ልስላሴ ነው። በአማርኛ ደግሞ ግሱ ራሱ ሰውን ያከብራል ወይም ያዋርዳል። «ትመጪ» ከተባለ በኋላ ከላይ «ውድ» ቢጻፍ ምንም አያድነውም።

እንግዲህ ከራስጌው ልጀምር። ትምህርት ቤቱ «ሚስስ ታደሰ» ያላቸው በመዝገቡ ላይ የናሆም የመጨረሻ ስም ታደሰ ስለሆነ ነው። እነሱ ዘንድ እናትና ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ስም ይጋራሉ። እኛ ዘንድ ታደሰ የናሆም አባት ነው። ወ/ሮ አልማዝ የአቶ በቀለ ልጅ ናቸው፤ አግብተውም ስማቸው አልተለወጠም። በአማርኛ «ወ/ሮ ታደሰ» ብዬ ብጽፍ ለአንባቢው በወንድ ስም የተጠሩ ሴት ይሆናሉ። ስለዚህ እርሳቸውን ጠይቄ ስማቸውን ካረጋገጥኩ በኋላ «ለተማሪ ናሆም ታደሰ ወላጅ፣ ለወ/ሮ አልማዝ በቀለ» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ያደረግሁት ደብዳቤው ለንባብ ብቻ ስለሆነ ነው። ለፍርድ ቤት ወይም ለኢሚግሬሽን የሚቀርብ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ስሙን እንደተጻፈ ትቼ ስህተቱን በተርጓሚ ማስታወሻ ነበር የማመለክተው።

«ተማሪ» የሚለውን ማዕረግ ልብ በሉልኝ። በእኛ ደብዳቤ ልጅ በባዶ ስሙ አይጠራም፤ ወይ «ተማሪ ናሆም» ነው ወይ «ልጅዎ»። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ግን «ስቱደንት ናሆም» ማለት የለም፤ ሙሉ ስሙ ብቻ ይበቃል። ሌላው ጣጣ ፆታ ነው። እንግሊዝኛው «ዩር ቻይልድ» ብሎ ያልፋል። አማርኛ ግን «ቀርቷል» ወይም «ቀርታለች» ሳይል መንቀሳቀስ አይችልም። ሰላም ወይም ብርሃን የሚባሉ ልጆች ወንድም ሴትም አሉና ከስሙ አትገምቱ፤ ወላጁን ጠይቁ።

ደብዳቤውን የፈረሙት ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ናቸው፤ ሊንዳ ዊልሰን ልበላቸው፤ የዶክትሬት ዲግሪ አላቸው። እንግሊዝኛው ሁለተኛ ሲጠራቸው «ዶክተር ዊልሰን» ይላል፤ ማዕረግን ከቤተሰብ ስም ጋር ነው የሚያያይዘው። እኛ ማዕረግን የምናያይዘው ከሰውየው ከራሱ ስም ጋር ነው። በዚህ ደንባችን «ዶ/ር ሊንዳ» ብዬ ብጽፍ ወ/ሮ አልማዝ ቢሯቸው ሄደው በዚያው ይጠሯቸዋል፤ አሜሪካዊ ጆሮ ላይ ደግሞ ይህ እንደ መዳፈር ሊሰማ ይችላል። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ «ዶ/ር ሊንዳ ዊልሰን፣ ምክትል ርዕሰ መምህርት» ብዬ ሙሉውን ጽፌ፣ ከዚያ በኋላ «ዶ/ር ዊልሰን» እላለሁ። ግሱን ሁሉ ደግሞ በአንቱታ አስሄደዋለሁ፦ «ዶ/ር ዊልሰን ያነጋግርዎታል» አይባልም፣ «ያነጋግሩዎታል» ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ «ሚዝ» ነው። ያገባችም ያላገባችም ሴት የምትጠራበት ነው፤ ማግባቷን ወይም አለማግባቷን ሆን ተብሎ አይናገርም። በአማርኛ «ወ/ሮ» ወይም «ወ/ሪት» ብዬ ስመርጥ እንግሊዝኛው ያልተናገረውን ልናገር ነው። አስተማሪ ከሆኑ «መምህርት» እላለሁ፤ ችግሩ ያልቃል፣ አክብሮቱም ሙሉ ነው። እዚህ ደብዳቤ ላይ ግን «ሚዝ» የተባሉት የቀሪ መዝገብ የሚይዙት ሠራተኛ ናቸው፤ መምህርት አይደሉም። ስለዚህ ሙሉ ስማቸውን ጽፌ ሥራቸውን አስከተልኩ፦ «የተማሪዎች ቀሪ መዝገብ ሠራተኛ»።

አሁን ወደ ሆዱ እንግባ። «ያለ ምክንያት 5 ቀን ቀርቷል» የሚለው ነው እናትየውን ያሳመማቸው፤ ናሆም 3 ቀን ታሞ ተኝቶ ነበርና። እንግሊዝኛው «አንኤክስኪውዝድ» ይላል። በትምህርት ቤት ቋንቋ ይህ ማለት ትምህርት ቤቱ በፈቃድ መዝገብ ላይ አላሰፈረውም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የወላጅ ወይም የሐኪም ወረቀት አለመድረሱ ነው። ልጁ እውነተኛ ምክንያት አልነበረውም ብሎ አይፈርድም። «ያልተፈቀደ ቀሪ» ብዬ መለስኩት። ማብራሪያውን ደብዳቤው ውስጥ አልጨመርኩም፤ ትምህርት ቤቱ ያልጻፈውን በትምህርት ቤቱ ስም መጻፍ አልችልምና። በቃል ነገርኳቸው፣ ከትርጉሙም በተለየ ወረቀት ጻፍኩላቸው።

ቀጥሎ «ትገደጃለሽ» አለ። «እንዲገኙ ይገደዳሉ» ብል አንቱታው ይስተካከላል፤ ድምፁ ግን የፖሊስ መጥሪያ ይሆናል። «እንዲገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን» ብል ደግሞ እናትየው ካልተመቻቸው መቅረት የሚችሉ ይመስላቸዋል፤ ደብዳቤው ግን መገኘት ግዴታ ነው ይላል። ለማስደሰት ብሎ ማለዘብ ሰውን ይጎዳል። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነው፦

«ተማሪ ናሆም ታደሰ በያዝነው የትምህርት ዘመን 5 ቀን ያልተፈቀደ ቀሪ የተመዘገበበት መሆኑን እንገልጻለን። ስለሆነም በጉዳዩ ላይ ለመነጋገር አርብ ኦክቶበር 3 ቀን 2025 (መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም.) ከጠዋቱ 2፡30 (በአሜሪካ አቆጣጠር 8፡30) በትምህርት ቤቱ በሚካሄደው ስብሰባ መገኘትዎ ግዴታ መሆኑን በአክብሮት እናሳውቃለን።»

ግዴታውም አለ፣ አክብሮቱም አለ። «እኔ እጽፋለሁ» የሚለው የእንግሊዝኛው አጀማመር ወደ «እንገልጻለን» ተለውጧል፤ የእኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚናገረው በተቋሙ አፍ ነውና።

ቀኑን ለምን እንዲህ እንዳስረዘምኩት ልንገራችሁ። 10/3 ለአሜሪካዊ ኦክቶበር 3 ነው። ቀንን አስቀድሞ መጻፍ ለለመደ ያገሬ ሰው ግን የ3ኛው ወር 10ኛ ቀን፣ ማለትም ኅዳር 10 ነው። በተቃራኒው መንገድ የደረሰው ይብሳል። ከአዲስ አበባ በመጣ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ላይ የአንድ ልጅ የትውልድ ቀን 8/5/2003 ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ጥር 8 ቀን 2003 ነው፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 16 ቀን 2011። ቁጥሩ እንዳለ ቢገለበጥ በወቅቱ 14 ዓመት የነበረው ልጅ ኦገስት 5 ቀን 2003 የተወለደ የ22 ዓመት ሰው ይሆናል። ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር አስቀምጡ።

ወ/ሮ አልማዝ ትርጉሙን ካነበቡ በኋላ መልስ መጻፍ ፈለጉ። አገር ቤት የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩና ደብዳቤያቸው ያማረ ነው፦ «ለክብርት ዶ/ር ሊንዳ ዊልሰን፣ ጉዳዩ፦ ማብራሪያ ስለመስጠት» ብሎ ይጀምራል። የልጁን ሕመም በዝርዝር ያስረዳል። ከዚያ «ስለሆነም የ3ቱ ቀን ቀሪ በፈቃድ እንዲያዝልኝ በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ፤ ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ይልና «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብሎ ይዘጋል።

ይህን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ብወስደው ሌላ ሴት ትወጣለች። «ክብርት»ን «ኦነረብል» ብል፣ እዚህ አገር ይህ የዳኛና የተመራጭ ባለሥልጣን መጠሪያ ነው፤ ለትምህርት ቤት ሰው ሲጻፍ ግራ ያጋባል። «ዲር ዶክተር ዊልሰን» የሚለው አጭር ይመስላል እንጂ ለእንግሊዝኛ አንባቢ የተሟላ አክብሮት ነው። «በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ»ን በ«ሃምብሊ ቤግ» ከተረጎምነው የሚለምኑ ይመስላሉ። እርሳቸው ግን እኩል ቆመው በጨዋ ደንብ ነው የሚጠይቁት። «ሪስፔክትፉሊ ሪክዌስት» ልኩ ነው። መዝጊያውም «ሲንሲርሊ» ሆነ።

አንድ ነገር ሳላማክራቸው አላደረግሁም። የእኛ ደብዳቤ ምክንያቱን አስቀድሞ ጥያቄውን በ«ስለሆነም» መጨረሻ ላይ ያመጣል፤ የአሜሪካ ቢሮ ጥያቄውን ከላይ ይፈልጋል። አንቀጾቹን ማገላበጥ አልወደድኩም፤ የሰው ሐሳብ አካሄድ የራሱ ነው። በፈቃዳቸው «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ብቻ «የ3 ቀን ቀሪ በፈቃድ እንዲያዝ ስለመጠየቅ» ወደሚል ለወጥነው። አንባቢዋ ገና ከራስጌው ምን እንደተጠየቁ አወቁ፣ የደብዳቤው ገላም ሳይነካ ቀረ።

ከፊርማው ሥር በእንግሊዝኛው ላይ «አልማዝ በቀለ፣ የናሆም ታደሰ እናት» ብለን ጻፍን። በግርጌ ደግሞ በመዝገባችሁ ላይ በዚህ ስም እንድታሰፍሩኝ የሚል አንድ መስመር በራሳቸው ጥያቄ ታከለበት።

በስብሰባው ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። የሐኪሙን ወረቀት ሲያቀርቡ 3ቱ ቀን ወደ ተፈቀደ ቀሪ ተዛወረ፤ የቀሩት 2 ቀናት እንዳሉ ናቸው፣ ናሆም ስለ እነሱ ራሱ ተጠይቆ መልሷል። በሳምንቱ በፖስታ የመጣው ደብዳቤ «ዲር ሚዝ በቀለ» ይላል።